የግብዣው ደብዳቤ ሦስተኛ አንቀጽ

ከውጭ አገር ለጉባኤ ተናጋሪነት የሚጋብዝ ደብዳቤ ሲመጣ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚያነበው የመጀመሪያውን አንቀጽ ነው። እዚያ ላይ «ሥራዎን በአድናቆት ስንከታተል ቆይተናል፤ ቢገኙልን ክብር ይሰማናል» የሚል ነገር ይኖራል። ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ጉዳይ ግን የሚገኘው ወረድ ብሎ ሦስተኛው ወይም አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ነው። ትኬቱን ማን እንደሚገዛ፣ ሆቴሉ ለስንት ሌሊት እንደሚከፈል፣ ንግግሩ ስንት ደቂቃ እንደተመደበለትና መልሱ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ የሚነግሩት እነዚያ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ወደ አማርኛ ስመልስና መልሳቸውን ሳረቅ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ያየኋቸው የተሰናከሉ ጉዞዎች ብዙዎቹ የተሰናከሉት ከእነዚያ ዐረፍተ ነገሮች አንዱ በደንብ ሳይነበብ በመቅረቱ ነው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ለማሳያ እንዲሆን ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱ ነገር ግን በእውነተኛ ደብዳቤዎች ላይ ደጋግሞ የሚገጥም ነው። ባለሙያው በአንድ ክልል ግብርና ቢሮ የሚሠራ የአፈር ተመራማሪ ነው። ከጀርመኗ ቦን ከተማ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ግብዣ ደርሶታል። ጉባኤው የሚካሄደው እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 4 እስከ 6 ቀን 2026 ሲሆን፣ የእሱ ንግግር በሁለተኛው ቀን ነው። መልስ የሚጠበቀው እስከ ጁላይ 31 ነው። እሱ ራሱ እንግሊዝኛውን ያለ ችግር ያነባል። ትርጉሙ የሚያስፈልገው ለቢሮው ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው ኃላፊ፣ የሰው ሀብት ክፍሉና ፋይናንሱ ጉዳዩን የሚያዩትም ውሳኔያቸውን የሚጽፉትም በአማርኛ ነው። የሥራ ፈቃዱም ሆነ ለኤምባሲ የሚቀርበው የድጋፍ ደብዳቤ የሚወጣው ከዚሁ ትርጉም ተነሥቶ ነው።

ስለዚህ ትርጉሙ ጭማቂ ወጥቶለት በአንድ አንቀጽ ቢቀርብ አይበቃም። «ተመራማሪው በጀርመን ጉባኤ ላይ ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዟል፤ ወጪው በጋባዡ ይሸፈናል» ብሎ ማሳጠር ይቀላል፣ ኃላፊውም ቶሎ ይፈርምበታል። ግን ያቺ «ወጪው በጋባዡ ይሸፈናል» የምትለው ሐረግ እንግሊዝኛው ያላለውን ትላለች። በእኛ ምሳሌ ደብዳቤው የሚለው በቀጥታ ሲመለስ ይህ ነው፦ «በኢኮኖሚ ማዕረግ የሚደረግ የአየር ጉዞ ወጪዎን፣ አስቀድመን እስካጸደቅነው መጠን ድረስ፣ ከጉባኤው በኋላ ደረሰኝ ሲያቀርቡ እንተካለን። የሁለት ሌሊት ማረፊያና የጉባኤው ምሳ በእኛ ይሆናል።»

እዚህ ውስጥ ቢያንስ አራት ነገር አለ። ትኬቱን መጀመሪያ የሚገዛው ተጋባዡ ነው፣ ያውም ከኪሱ። የሚመለስለት ከጉባኤው በኋላ ነው። የሚመለሰውም አስቀድሞ ዋጋው ተልኮ ከጸደቀ ብቻ ነው። ምሳ አለ፤ ስለ ራትና ስለ ከተማ ውስጥ መጓጓዣ ግን አልተነሣም። የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ሰው ለአውሮፓ የደርሶ መልስ ትኬት የሚበቃ ገንዘብ አውጥቶ ወራት መጠበቅ ከባድ ነው። ተጋባዡ ይህን ማወቅ ያለበት መልሱን ከመላኩ በፊት ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋም ወረቀቱን እንዳየች የምትጠይቀው «ምግቡ የማን ነው?» ብላ ነው። ማደሪያና ምግብ ሌላ አካል የሚችል ከሆነ ቢሮው የሚከፍለው የውሎ አበል ይቀንሳል፤ ካልቻለ ደግሞ ቢሮው ራሱ የሚጨምረው ይኖራል። ስለዚህ «ምሳ» የሚለው በትርጉሙ ውስጥ «ምሳ» ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ «ምግብ» ከተባለ ሰውየው ራቱን በራሱ ገንዘብ ይበላል ማለት ነው።

ደብዳቤው ዝም ያለባቸውን ነገሮች በትርጉሙ ውስጥ አሟልቶ መጻፍ አይገባም። እኔ የማደርገው ትርጉሙን እንዳለ ጨርሼ፣ ከግርጌ ለብቻው «በደብዳቤው ያልተገለጹ» ብዬ ማስፈር ነው፦ ራት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቦን የሚወስደው ባቡር፣ የጉዞ መድን፣ የቪዛ ክፍያ። ኃላፊው የቱ የጋባዡ ቃል እንደሆነና የቱ የተርጓሚው ማስታወሻ እንደሆነ ለይቶ ያያል፤ ተመራማሪው ደግሞ በመልሱ ምን መጠየቅ እንዳለበት ዝርዝሩ በእጁ ይገባል።

ቀንና ሰዓት ሌላው አደገኛ ቦታ ነው። ኖቬምበር 5 ቀን 2026 በእኛ ጥቅምት 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ነው። በትርጉሙ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ የሳምንቱንም ዕለት መጨመር ይገባል። ዕለቱ ከቀኑ ጋር ካልገጠመ አንዱ ስሕተት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃልና። አምና በሠራንበት ሰንጠረዥ ዘንድሮም መሥራት አያዋጣም፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 የሚውለው በሴፕቴምበር 12 ነው፣ በዚያ ዓመት እስከ የካቲት ድረስም ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይሸጋሸጋል። ደብዳቤው ቀኑን በቁጥር ብቻ፣ 05/11/2026 ብሎ ጽፎት ከሆነ ደግሞ ጀርመኑ ኖቬምበር 5 ማለቱ ነው፤ ከአሜሪካ ቢመጣ ግን ያው ጽሑፍ ሜይ 11 ይሆን ነበር።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በእኛ ምሳሌ ሦስት ሰዓቶች ተጠቅሰዋል። የመጀመሪያው ኦክቶበር 20 ቀን 14:00 ላይ የሚደረግ የተናጋሪዎች የቪዲዮ ስብሰባ ነው። ሁለተኛው ኦክቶበር 27 ቀን እኩለ ቀን፣ ማለትም 12:00 ላይ የሚያበቃው የገለጻ ስላይዶች ማስረከቢያ ነው። ሦስተኛው ራሱ ንግግሩ ነው፣ 9:30 ላይ። አውሮፓውያን ሰዓታቸውን በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ያ እሑድ በ2026 ኦክቶበር 25 ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት ጀርመን ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች፤ ከዚያ በኋላ በሁለት። ስለዚህ የቪዲዮ ስብሰባው በእኛ ጥቅምት 10 ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፣ የስላይድ ማስረከቢያው ጥቅምት 17 ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ሒሳቡ ግን ተለውጧል። ንግግሩን በተመለከተ ሰውየው ቦን ውስጥ ስለሚሆን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ማስላት አያስፈልግም። «በቦን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ30፣ በእነርሱ አጻጻፍ 9:30» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

በረራውም የራሱ ወጥመድ አለው። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚነሡ ብዙ በረራዎች ከእኩለ ሌሊት ግድም ናቸው። ትኬቱ «ኖቬምበር 3፣ 00:15» ካለ መንገደኛው ቦሌ መድረስ ያለበት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ አንድ ቀን ሙሉ ቀድሞታል። አማርኛችን ለዚህ የተመቸ አነጋገር ስላለው ልንጠቀምበት ይገባል፦ «ሰኞ ጥቅምት 23 ለማክሰኞ ጥቅምት 24 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15»። ይህን ያነበበ ማንም አይሳሳትም።

ከዚሁ የበረራ ሰዓት አንድ ሌላ ነገር ይወጣል። ጉባኤው የሚከፈተው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ተጉዞ ማለዳ ፍራንክፈርት የወረደ፣ ከዚያም በባቡር ቦን የገባ ሰው በዚያው ጠዋት ጉባኤ ላይ ቢቀመጥ የሚሰማው ነገር የለም። በረራው ቢዘገይ ደግሞ መክፈቻው ያመልጠዋል። ስለዚህ ማክሰኞ መድረስ አለበት። ደብዳቤው ግን የሰጠው ሁለት ሌሊት ነው፣ የረቡዕንና የሐሙስን። የማክሰኞዋ ሌሊት ከመልሱ ጋር አብራ መጠየቅ ይኖርባታል። አዘጋጆቹ ሆቴሉን በጅምላ የሚይዙት ወራት ቀድመው ስለሆነ በሐምሌ የተጠየቀች አንዲት ተጨማሪ ሌሊት በቀላሉ ትገኛለች። ያቺው ሌሊት በጥቅምት ብትጠየቅ ላትገኝ ትችላለች።

አሁን ወደ ርእሱ እንምጣ። ጋባዦቹ ያቀረቡት ርእስ «የኢትዮጵያ የአፈር አሲዳማነትና መፍትሔው» የሚል ነው። ሰፊ ርእስ ነው፤ ተጋባዡን ደስ ያሰኛል፣ ያስፈራልም። ተመራማሪያችን በእጁ ያለው መረጃ በምዕራብ አማራ ደጋማ ቀበሌዎች ላይ ነው፤ አሲዳማ ማሳ ላይ ኖራ ተደርጎ ገብስና ስንዴ በሦስት የምርት ዘመን ምን እንደሰጡ መዝግቧል። ስለ ወለጋ ወይም ስለ ሲዳማ አፈር ከመጻሕፍት ያውቃል እንጂ ራሱ አልለካም። የተመደበለት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ከአሥር ደቂቃ ጥያቄ ጋር። በሰፊው ርእስ ቢስማማ ጥያቄው ሁሉ የሚመጣው ካልለካው ቦታ ነው። ስለዚህ በመልሱ ላይ ርእሱን ራሱ አጥብቦ ያቀርባል፦ «በምዕራብ አማራ ደጋ አሲዳማ ማሳ ላይ ኖራ መጠቀም፦ የሦስት የምርት ዘመን ውጤት»። አዘጋጆች እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስከፋቸውም፤ እነርሱ የሚፈልጉት ፕሮግራሙ ከመታተሙ በፊት ቁርጥ ያለ ርእስ ነው። ዘግይቶ የመጣ ለውጥ ግን አሮጌው ርእስ በታተመ መጽሔት ላይ፣ አዲሱ በስላይዱ ላይ ሆኖ አዳራሹን ግራ ያጋባል።

የአቀራረቡም ዓይነት መለየት አለበት። የመክፈቻ ዋና ንግግር፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሚቀርብ የተጋባዥ ንግግርና ከሌሎች ጋር ተቀምጦ የሚደረግ ውይይት የየራሳቸው ጊዜና ዝግጅት አላቸው። የእኛ ደብዳቤ የሚለው ሁለተኛውን ነው። ትርጉሙ «ዋና ተናጋሪ» ብሎ ቢያከብረው ቢሮው በድጋፍ ደብዳቤው ላይ ያንኑ ይጽፋል፣ የድጋፍ ደብዳቤው ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ኤምባሲ ሲገባ ደግሞ ከግብዣው ጋር አይገጥምም። ቪዛ የሚያየው ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው የሚያነበው።

ግብዣው መጨረሻ አካባቢ «ንግግሩ ይቀረጻል፣ ስላይዶቹም ለሕዝብ ይለቀቃሉ» የሚል ዐረፍተ ነገርም አለ። መረጃው የቢሮው ነው፤ ከፊሉም ገና አልታተመም። ይህ ዐረፍተ ነገር በትርጉሙ ውስጥ ለኃላፊው ጎልቶ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ፈቃዱን የሚሰጠው እሱ ነው። ተመራማሪው «ዶክተር፣ ያልታተመውን ሰንጠረዥ ካወጣሁት ቀሪውን ማሳየት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ኃላፊውን የሚጠይቀው መልሱን ከመላኩ በፊት ነው።

ይህ ሁሉ ከተለየ በኋላ የመቀበያው ደብዳቤ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጀመሪያ በአማርኛ አርቅቆ ለቢሮው ማሳየት ግን ይጠቅማል። የእኛው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦

«ጉዳዩ፦ የተጋባዥ ተናጋሪነት ግብዣውን ስለመቀበል

ከኖቬምበር 4 እስከ 6 ቀን 2026 በቦን በሚካሄደው ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ግብዣውን በደስታ ተቀብያለሁ። የቢሮዬም ፈቃድ አለኝ።

ሐሙስ ኖቬምበር 5 ከ9:30 ጀምሮ የሃያ ደቂቃ ንግግርና የአሥር ደቂቃ ጥያቄና መልስ እንዳለኝ ተረድቻለሁ። ርእሱን ባለኝ መረጃ ልክ በሚከተለው መልኩ አጥብቤዋለሁ፤ በፕሮግራሙ ላይ እንዲህ እንዲወጣ እጠይቃለሁ፦ በምዕራብ አማራ ደጋ አሲዳማ ማሳ ላይ ኖራ መጠቀም፦ የሦስት የምርት ዘመን ውጤት። አጭር ማጠቃለያውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ንግግሩ ቢቀረጽ ተስማምቻለሁ፤ ለሕዝብ የሚለቀቀው ግን ለይቼ የምልክላችሁ የስላይድ ቅጂ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

በግብዣችሁ መሠረት የኢኮኖሚ ትኬት፣ የሁለት ሌሊት ማረፊያና የጉባኤው ምሳ በእናንተ ነው። ትኬቱን አስቀድሜ ከራሴ ለመግዛት ስለማልችል እናንተ በቀጥታ እንድትገዙልኝ እጠይቃለሁ። ከአዲስ አበባ ኖቬምበር 3 ከሌሊቱ 00:15 ተነሥቼ በዚያው ቀን ፍራንክፈርት ለመድረስ፣ ኖቬምበር 6 ማታ ለመመለስ አስባለሁ፤ ስለዚህ የኖቬምበር 3 ሌሊት ማረፊያ እንዲጨመርልኝ፣ የባቡሩና የጉዞ መድኑ ወጪ በማን እንደሆነም እንድትገልጹልኝ እለምናለሁ።

መምጣቴ በቪዛው ላይ የተመሠረተ ነው። ለማመልከቻው የተፈረመ የግብዣ ደብዳቤ እስከ ኦገስት 7 ቢደርሰኝ፣ በእሱም ላይ ስሜ በተያያዘው የፓስፖርት ቅጂ እንዳለው ፊደል በፊደል ቢጻፍ፣ የምትችሏቸው ወጪዎችም ቢዘረዘሩ መልካም ነው። እስከ ኦክቶበር 26 ቪዛው ካልወጣ ንግግሩን በቪዲዮ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።»

ደብዳቤው የተጠናከረው «ተረድቻለሁ» እና «በግብዣችሁ መሠረት» በሚሉት ቦታዎች ነው። ተጋባዡ ጋባዦቹ የገቡትን ቃል በራሱ አባባል መልሶ ያስቀምጣል። የተሳሳተ ነገር ቢኖር እነርሱ በዚያው ሳምንት ያርሙታል፤ ካላረሙት ደግሞ ስምምነት ሆኖ ይቆያል። የትኬቱ ጥያቄም ምክንያቱ በአንድ ሐረግ ተገልጾ አልፏል። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ብዙ አዘጋጆች በጉዞ ወኪል በኩል በቀጥታ የሚገዙበት አሠራር አላቸው፣ ካልተጠየቁ ግን በልማዳቸው ደረሰኝ ይጠብቃሉ።

ገንዘብ በባንክ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። የአውሮፓ ቅጾች አይባን የሚባለውን ረጅም የሒሳብ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ የእኛ ባንኮች ግን አይጠቀሙበትም። የሒሳብ ቁጥሩን ከባንኩ የስዊፍት መለያ ጋር መላክና ይህንኑ ማስረዳት ይኖርበታል፤ አለዚያ ቅጹ ባዶ ቦታ አለው ተብሎ ይመለሳል።

ኦገስት 7 የሚለው ቀን ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ የተለመደው የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም መስጠት ቆሟል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሊለወጥ ስለሚችል በማመልከቻው ጊዜ ኤምባሲውን መጠየቅ አይከፋም፤ ዕቅዱ ግን በ45 ቀን ይሠራ። ከኖቬምበር 3 ወደ ኋላ 45 ቀን ሲቆጠር መስከረም 9 ላይ ያርፋል፣ እሱም ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ቢዘገይ ዓርብ መስከረም 8 መግባት አለበት። የቀጠሮ ወረፋው፣ የዓመት መለወጫ በዓሉ፣ የድጋፍ ደብዳቤው የሚፈርሙበት ቀናትና ወደ እንግሊዝኛ የሚመለስበት ጊዜ ሲጨመሩ የተፈረመው ግብዣ በነሐሴ 1 እጅ ላይ መሆን ይኖርበታል። ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7 ነው።

ከማመልከቻው ጋር ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይያያዛል። ፓስፖርቱም ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠም አሥር ዓመት ያላለፈው መሆን አለበት። ሳይንሳዊ ጉባኤ ላይ የሚሳተፉ ተመራማሪዎች ከቪዛ ክፍያ ነጻ የሚሆኑበት ድንጋጌ አለ። በዚህ ለመጠቀም የግብዣው ደብዳቤ ሰውየው ተመራማሪ እንደሆነና የሚሄደውም ለሳይንሳዊ ጉባኤ እንደሆነ በግልጽ መናገር ስላለበት፣ ይህም አብሮ ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

የአዘጋጆቹ መልስ ሲመጣ ሁሉም ነገር እንደተጠየቀው ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ሦስተኛዋን ሌሊት ተስማምተው፣ ትኬቱንም እንገዛለን ብለው፣ ባቡሩን ግን በደረሰኝ ሊያደርጉት ይችላሉ። ርእሱንም ለፕሮግራሙ ስፋት ሲሉ «በምዕራብ አማራ» የሚለውን ቆርጠው ሊልኩት ይችላሉ። የባቡሩ ይሁን፤ ገንዘቡ ትንሽ ነው። የቦታው ስም ግን መመለስ አለበት፣ አለዚያ ንግግሩ እንደገና ስለ መላ ኢትዮጵያ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ቀን አንዲት አጭር መልእክት ትበቃለች፦ «በሌላው ሁሉ ተስማምቻለሁ፤ በርእሱ ውስጥ የቦታው ስም እንዲቆይ እለምናለሁ።» ማረጋገጫው እንደደረሰ ተርጓሚው የመጨረሻውን ስምምነት በአማርኛ ከመጀመሪያው ትርጉም ሥር ይጨምርና ለቢሮው ይሰጣል፤ የሰው ሀብት ክፍሉም የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፈው ከዚህ ከተስተካከለው ቅጂ ላይ ነው።